ለአዋቂዎች ብቻ

ጡረታ የወጣው መምህር አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን ልጆች ድርሰት በቀይ ሲያርም ኖሮ፣ የገዛ ሴት ልጁን የሰርግ ካርድ መጻፍ ሲደርሰው ግን እሱው ወደቀ። «ከሰዓት በኋላ ከነቤተሰብዎ አምሮብዎት ይምጡልን» የሚል ረቂቅ ይዞ ማተሚያ ቤት ሄደ።

የማተሚያ ቤቷ ባለቤት ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ነው? አምሮብዎት ካሉት አንዱ በሱፍ፣ አንዱ በቱታ ይመጣል። ከነቤተሰብዎ ብለውማ አዳራሹን ለሰፈሩ አስረከቡት!»

አዳራሹ የሚይዘው ሰማኒያ ወንበር ብቻ ነው። ሴትዮዋ እስክሪብቶ አንስታ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «በሩ በስምንት ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ሥነ ሥርዓቱ ልክ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። ወንዶች በሱፍ፣ ክራባት ግዴታ አይደለም፤ ሴቶች በረጅም ቀሚስ። ጥሪው ስማቸው ፖስታው ላይ ለተጻፈላቸው፣ ለአዋቂዎች ብቻ ነው።» ሰው ይዞ መምጣት ለሚችል እንግዳ ደግሞ ፖስታው ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ከአንድ ሰው ጋር» ተብሎ ይጻፍለታል።

መምህሩ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚለው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ሴትዮዋ መልሶ ገፋው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን እንደ እናት ሆና ያሳደገችለት ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ደግሞ፣ በተለይ ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ አራት የልጅ ልጆቿን ሳታስከትል የትም አትሄድም።

«እህቴ የተቀየመችበት ሰርግ ለእኔ ሰርግ አይደለም። የእሷን ብቻ ከነልጆቹ ብናደርገውስ?»

«ለአንዷ ከፈቱ ለሁሉም ከፈቱ። ይልቅ ካርዱን ራስዎ ይውሰዱላትና በአፍዎ ያስረዷት» አለች የማተሚያ ቤቷ ባለቤት።

ካርዱ ታትሞ ሲያልቅ ለእህቱ ወሰደላት። አንዱ ልጅ ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱ ጠረጴዛ ሥር ይደባደባሉ፣ አራተኛዋ መነጽሯን ደብቃለች። መነጽሩ በመከራ ተገኘና ካርዱን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ «ለአዋቂዎች ብቻ» ስትል ድምጿ ተቋረጠ።

«እትዬ፣ ወንበሩ አንሶን ነው እንጂ…»

«ዝም በል እስቲ።» ፖስታውን ገልብጣ አየችው። «ከአንድ ሰው ጋር ይላል። አንዱ ሰው ማነው?»

«ደስ ያለሽን ይዘሽ ነይ።»

መነጽሯን አወለቀች። «እነዚህን የማስከትለው ደስ ስለሚለኝ ይመስልሃል? ነፍሴን ነው የሚያወጧት! ግን በልጆች ተከብቤ ስገባ ‹ምስኪን፣ ብቻዋን መጣች› የሚለኝ የለም። አሁን ማን አጠገብ ልቀመጥ?»

መምህሩ ዕድሜውን ሙሉ ሲያውቃት ይኼን አንድም ቀን አልጠረጠረም፤ አፈረ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ «ከአንድ ሰው ጋር» የሚለውን ሰረዘና በላዩ ጽፎ መለሰላት።

«የሙሽራዋ እናት፣ ከአባትየው ጎን» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሥር ዞራ፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች፣ «ሰማችሁ? ያን ቀን ከእናታችሁ ጋር ትውላላችሁ፤ እኔ ልጄን ልድር ነው» አለች።