የሁስና ታፔላ

ሁስና ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ የዲፓርትመንት ምርጫ ልትሞላ ነው። ነጥቧ ለሁሉም ይበቃል፤ ችግሩ እሱ ነበር። ልቧ ያለው ጂኦሎጂ ላይ ነው። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚያስወጣው ዳገት በየክረምቱ ለምን እንደሚናድ የማወቅ ጉጉት ከልጅነቷ አልለቀቃትም። እህቷ ኢክራማ «ሥራ ያለው ሶፍትዌር ነው» እያለች ትነዘንዛታለች። ነጋዴው አባቷ ዓወል ጭራሽ አልዩ አምባ ካለው ሱቃቸው አጠገብ ባዶ ክፍል ተከራይተው «ሁስና መድኃኒት ቤት» የሚል ታፔላ አሰቅለዋል።

በመጨረሻው ቀን ጂኦሎጂን አንደኛ፣ ፋርማሲን ሁለተኛ፣ ሶፍትዌርን ሦስተኛ አድርጋ ላከችና ለአባቷ ደውላ ነገረቻቸው።

«ሥራ አለው?» አሉ ዓወል።

«ወላሂ፣ ብዙ የለውም አባ። ውኃ ቁፋሮና መንገድ ሥራ ላይ ይፈልጉናል። እኔ ደግሞ ፈልጌ አገኛለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሁስና ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች።

አመሻሹ ላይ ኢክራማ ፎቶ ላከችላት። ታፔላው እዚያው ተሰቅሏል፤ «መድኃኒት ቤት» የሚለው ግን ነጭ ቀለም ተቀብቶ «ሁስና» ብቻ ቀርቷል። ከፎቶው ሥር የአባቷ መልእክት ነበር፦

«ቀሪውን ስትመረቂ ራስሽ ትሞዪዋለሽ።»