በማጣፈጫው ሳጥን ጎን የተጻፈው

«ጨው ካላደረግሽበት፣ ጨው ከየት መጣ?»

ነርሷ ይህን የጠየቀችኝ ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ከአባቴ ክንድ ላይ እየፈታች ነበር። መቶ ሰባ ሁለት በዘጠና ስምንት። መድኃኒቱን ሰዓት ሳላሳልፍ እሰጠዋለሁ። የጨው ዕቃውን ከኩሽና አውጥቼ ለጎረቤት ከሰጠሁ ሦስት ወር አልፎኛል።

«ሲስተር፣ ልጄን ይንሳኝ፣ አንዲት ቁንጣሪ አልነካሁም» አልኳት።

ታላቅ እህቴ ከኋላዬ ሳቅ አለች። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስታነብ ነው የምትውለው። «አትፍረጂባት ሲስተር» አለች። «ፊደል አልቆጠረችም። የሚበላውንና የማይበላውን በምን ትለየው? ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴን እሷ ጋ የተውኩት።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። አባቴ ጫማውን ማየት ጀመረ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አክስቷ ቤት ሄዳ ነው የምታጠናው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው።

ስንወጣ እህቴ ቀኑን ቆረጠችልኝ። «በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልወረደ እወስደዋለሁ። እኔ ቤት ሠራተኛ አለች፣ እኔም አነባለሁ።»

አባቴ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ ጥብስ የለመደ ሰው ነው። ጨው ያቆምኩ ሰሞን ሳህኑን እየገፋ፣ «ይሄ ለታመመ ሰው ነው ወይስ ሰው ለማሳመም?» ይለኝ ነበር። ከስቶ ሱሪው አልያዘው ሲል እህቴ ፍሬ ፍሬው በወረቀት የተጠቀለለ የሾርባ ማጣፈጫ በሳጥን አመጣችልኝ። «ጨው አይደለም፣ ቅመም ነው። ለምሳው አንድ፣ ለእራቱ አንድ ጣይበት» አለችኝ። የእሱ ድስት ለብቻ ስለሆነ ሳላጓድል ጣልኩበት። መብላት ጀመረ። አመሰገንኳት፤ እጇን ስሜ ነው ያመሰገንኳት።

ከጤና ጣቢያው በተመለስን ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ተመዝግቤ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ለእህቴ ግን አልነገርኳትም። ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ በእነሱ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንማራለን። መምህሩ ከቤታችን የተጻፈበት ነገር እንድናመጣ አዘዘን። አንዷ የሳሙና መጠቅለያ አመጣች። እኔ የማጣፈጫውን ሳጥን ወሰድኩ።

«እስቲ ከምን እንደተሠራ የሚለውን አንብቢልን» አለኝ።

የመጀመሪያውን ቃል አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ጨው ነው የሚለው።

«በብዛት ያለው ነው ፊት የሚጻፈው» አለ መምህሩ። ከሥር ካለው ሠንጠረዥ ላይ ደግሞ ሶዲየም የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። በአንዱ ፍሬ ዘጠኝ መቶ ሚሊግራም። በማግስቱ ሳጥኑን ይዤ ነርሷ ጋ ሄድኩ። «ሶዲየም ማለት ከጨው ውስጥ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው ነው» አለችኝ። «በቀን ከሁለት ሺህ ማለፍ የለበትም።» ሁለቱ ፍሬ ብቻ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ነው። ዳቦው ገና አልተቆጠረም።

ስልክ አንስቼ ለእህቴ መንገር እችል ነበር። አልነገርኳትም። ፍሬዎቹን ጥዬ ሳጥኑን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሴ ሥር አኖርኩት። በየቀኑ እየከፈትኩ ያቺን ቃል አነብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሥራ ምግቡን ማጣፈጥ ነበር። በጨው ፋንታ የሚሸጥ ሌላ ጨው እንዳለ ሰምቼ ነርሷን ብጠይቃት፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም አባቴ ከሚወስደው ክኒን ጋር እንደማይስማማ ነግራኝ ተውኩት። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። «ድንች ነው ሳሙና?» ይለኛል አባቴ። እኔ ግን ቂም ይዣለሁ፤ ቂም የያዘ ሰው ደግሞ አይሰለቸውም።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ሽንኩርቱን ሳልቸኩል ቡናማ እስኪሆን ማቁላላት፤ እንጉዳዩን ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ ውሃው እስኪደርቅ ማድረቅ፤ ቲማቲሙን ጠብሶ መፍጨት። ዶሮውን ከጠዋት ጀምሮ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በሚጥሚጣ አሽቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ሚጥሚጣውን ያለ ጨው ራሴ ነው የፈጨሁት። የቆርቆሮ ባቄላ ስገዛ ውሃውን ደፍቼ ደጋግሜ አጥበዋለሁ። ሎሚ ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የሚጨመቀው፤ እሳት ላይ ከሆነ ጣዕሙ ይጠፋል። በአራተኛው ሳምንት አባቴ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በጥርጣሬ አየኝ። «ጨው መለስሽ እንዴ? ለሲስተር አልናገርም።»

ቀጠሮው ደረሰ። ጠዋት ነርሷ ሁለቴ ለካችው። መቶ አርባ አንድ በሰማንያ አራት። ለእህቴ ቁጥሩን ሳልነግራት ለምሳ ጠራኋት። ልትወስደው የተጠራች መስሏት ለልብሱ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች።

ዓሣ አቀረብኩ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬና ብዙ ሎሚ ያለበት። አንድ ጊዜ ጎረሰችና ልጄን ጠቀሰቻት። «ይሄ ጨው የሌለው ነው? አላልኩሽም እናትሽ አታውቅም?»

ሳጥኑን ከሳህኗ አጠገብ አኖርኩላት።

«እቴቴ፣ መነጽርሽን አድርጊና ለአባዬ አንብቢለት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

አየችኝ፤ ከዚያ አነበበች። ድምጿ በመጀመሪያው ቃል ላይ ቀረ። «ቀጥዪ፣ ቁጥሩም አለ» አልኳት። ቁጥሩን ያነበበችው በሹክሹክታ ነው። የጠዋቱን ልክ እኔ ነገርኳት። ዓሣው ውስጥም ጨው እንደሌለ ነገርኳት። እዚያ ላይ ብተወው ይበቃ ነበር።

አልተውኩትም። አዘጋጅቼ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ አመጣሁ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨው በውሃ አሟሙቼበታለሁ። «አንቺ ባመጣሽው በየቀኑ የበላው ይህን ነው» አልኳት። «ጠጪው።»

«አላነበብኩትም» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ አላየሁትም። አውቄ መሰለሽ?»

አመንኳት። ማመኔ ግን አላራራኝም። «ማንበብ እየቻለ ያላነበበ ሰው ነው ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት የሰደበኝ? ጠጪ።»

ጠጣች። ግማሹ ላይ ስትደርስ ብርጭቆውን ከአፏ አራቀችው። አባቴ «ይብቃሽ ልጄ» አለ፤ ለማናችን እንዳለው አላወቅኩም። እኔ ብርጭቆውን ወደ አፏ መለስኩት። እውነቱን ለመናገር ጣፍጦኝ ነበር።

ልጄ ተነስታ ብርጭቆውን ከእጄ ቀማችኝ፤ ማጠቢያው ላይ ደፋችው።

«እማዬ፣ ከእሷ በምን ተሻልሽ?» አለችኝ።

«አንቺም ነበርሽ ያን ቀን። ፊትሽን ያዞርሽው አፍረሽብኝ አይደል?»

«በአክስቴ አፍሬ ነው» አለች። «ዛሬ ደግሞ ባንቺ።»

እህቴ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ባዶውን ሻንጣ አነሳች። «አባዬ፣ ትሄዳለህ?» አለችው፤ መልሱን እንደምታውቅ ሰው።

አባቴ ሳህኑን ወደ ራሱ ጎተተ። «ዓሣው ያለው እዚህ ነው» አለ። ማንም አልሳቀም።

ልጄ ጓዳ ገባች፤ ደብተሮቿን ስትሰበስብ ይሰማኛል። አልከለከልኳትም። ነገ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

አባቴ ቀረ። እህቴ ሄደች፤ ልጄም አብራት ሄደች።