ከእኔ በፊት የነበረችው ለምን ለቀቀች?

አሰጋሽ ብቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆና ቁስል እያጠበች፣ መርፌ እየቀቀለች ስትኖር ልቧ ግን ሞጣ ነበር። እናቷ እዚያ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም እየደከመ ሄዷል። እናም ሞጣ ክሊኒክ አንዲት ድሬሰር እንደምትፈለግ ስትሰማ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች።

ቦታው አንድ ነው፤ የተመዘገቡት ግን ሁለት ናቸው። ሁለተኛዋ አብራት የምትሠራው፣ በአንድ ቤት አብራት የምትኖረው አምሳለች ናት። ከአሰጋሽ በፊት በዚያ ቤት አገሬ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። አንድ ቀን ዕቃዋን ጠቅልላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አምሳለችን ገበያ ላይ ስታያት መንገድ ትቀይራለች። አሰጋሽ ቦታዋን ስትይዝ ምክንያቱን አልጠየቀችም። የሰው ገመና መጎርጎር ነውር ነው ብላ ያደገች ናትና።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ወልደ ሰንበት ሁለቱንም አስቀምጠው መከሯቸው።

«ሞጣ ስትፈተኑ፣ መጨረሻ ላይ ‹ጥያቄ አለሽ ወይ?› ይሏችኋል። የለኝም እንዳትሉ፤ ሥራው ግድ የማይሰጣችሁ ትመስላላችሁ። ደመወዝና ፈቃድም አታስቀድሙ። እነሱ የነገሯችሁንም መልሳችሁ አትጠይቁ። ስለ ሥራው ከልባችሁ ማወቅ የምትፈልጉትን ጠይቁ።»

አምሳለች ስታስብ ስታስብ «የቤት አበል አለው ወይ?» ከማለት አላለፈችም። አሰጋሽ ግን ሦስት ጥያቄ መረጠች። አዲሷ ድሬሰር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ አስቀድማ ምን እንድትሠራ ይፈለጋል? ከአቅሟ በላይ የሆነ በሽተኛ ሲመጣ ወደ ማን ትልካለች? ከእሷ በፊት የነበረችውስ ለምን ለቀቀች? ሦስተኛውን ስትመርጥ ፈራች፤ ቢሆንም ከሁሉ የበለጠ ማወቅ የምትፈልገው እሱን ነበር። ለአምሳለችም አንድ በአንድ ነገረቻት። ለማን ትንገር ታዲያ?

ወደ ሞጣ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሲሄዱ አምሳለች ነገር ጀመረች።

«አሱ፣ እኔስ ፈራሁ። አቶ ወልደ ሰንበት የአገራችንን ሰው አያውቁም፤ የሩቅ አገር ሰው ናቸው። ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ ‹የበፊቷ ለምን ለቀቀች› ማለት ድፍረት አይደለም? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉናል።»

«ራሳቸው ፈታኞቹ ጠይቁ ካሉንስ?»

«ለወጉ ነው የሚሉት፤ ብላ ያሉት እንግዳ ሁሉ ይበላል? ሁለታችንም የለኝም እንበል። ከዚያ እግዜር የወደዳትን ይምረጥ። በማርያም!»

ይህ ነገር አሰጋሽን አሳመናት። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገትሽን ድፊ ተብላ ላደገች ልጅ፣ ከመጠየቅ ዝም ማለት ይቀላል። እሷም «በማርያም» አለች።

አስቀድማ የተጠራችው አሰጋሽ ነበረች። ክሊኒኩን የሚመሩት ሲስተር ሰብለ ወንጌል ስለ ቃጠሎ፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ቁስል ጠየቋት፤ ሁሉንም መለሰች። ሲስተር ፈገግ አሉና «አንቺስ የምትጠይቂን ነገር የለሽም?» አሏት። ሦስቱ ጥያቄዎች ጉሮሮዋ ድረስ መጡ። ማርያምን አሰበችና አንገቷን ደፋች።

«የለኝም፣ እመቤቴ።»

ሲስተር ትንሽ ጠበቋት። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ።

ወጥታ ከክፍሉ ክፍት መስኮት ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አምሳለች ገባች። ብዙም ሳይቆይ የሲስተር ድምፅ ተሰማ፤ ያው ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የአምሳለች ድምፅ መጣ፤ የተረጋጋ፣ ያማረ ድምፅ።

«በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ አስቀድሜ ምን እንድሠራ ይፈለጋል?»

አሰጋሽ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛውም መጣ፤ ቃሉ እንኳ አልተለወጠም። ሲስተር አልተቆጡም። የበፊቷ ከበሽተኛው ብዛት የተነሳ ብቻዋን ሥራው ከብዷት እንደለቀቀች፣ አሁን ግን ረዳት እንደሚጨመር ረጋ ብለው አስረዱ። «ይህን የምትጠይቅ ልጅ ለመቆየት አስባ የመጣች ናት» ሲሉም ተሰማ። ለመቆየት ያሰበችውስ እናቷ ሞጣ ያሉት፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ናት። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ተነስታ ማን ይሰማታል?

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተነገረ፤ የተመረጠችው አምሳለች ናት። ሲስተር አሰጋሽን ለብቻዋ ጠርተው «እጅሽ ከእሷ ይሻላል፤ ልብሽ ግን እዚህ ያለ አልመሰለኝም» አሏት። አሰጋሽ «ጓደኛዬ ጥያቄዬን ሰረቀችኝ» ብትላቸው ማን ያምናታል?

አምሳለች አጥሩ በር ላይ ጠበቀቻት።

«አትቀየሚኝ፣ አሱዬ። ስደነግጥ ከአፌ አመለጠኝ።»

«ሦስቱም?»

አሰጋሽ እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። እንዲህ ያለ ክህደት ከጠላት ቢመጣ ኖሮ እኮ ባላመማት።

«አሁን እኔም ጥያቄ አለኝ» አለች። «ከእኔ በፊት ቤትሽ የነበረችው፣ አገሬ፣ ለምን ለቀቀች?»

አምሳለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አሰጋሽ፣ ሲስተር እሷን እንደጠበቋት፣ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ እናቷ «አገኘሽ ወይ፣ ልጄ?» ሲሏት ምን እንደምትመልስ እያሰበች መንገዷን ቀጠለች።