የአራት መቶው ዶላር ምንዛሪ

አሚና ቱግ ካለች መመለሻ የላትም፤ ያ ቀን ግን ከፋ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጅዳ ያለው ልጇ ሰዒድ «አራት መቶ ዶላር ልኬያለሁ» ብሎ ጻፈ። እሷ መታወቂያ ስለሌላት ገንዘቡ የመጣው በሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ በሁሴን ስም ነው። ሁሴንም ከደብረ ታቦር ባንክ አውጥቶ፣ ስምንት መቶ ሰባት ብር ከአርባ አራት ሳንቲም ከነደረሰኙ እጇ ላይ ቆጠረላት።

በማግስቱ ከይፋግ የመጣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ «ዶላር እኮ አምስት ብር ነው» ብሎ በጆሮዋ ሹክ አላት። ወይ ጉድ! ሁለት ሺህ ብር መሆን ነበረበታ! ደብረ ታቦር ገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሁሴንን «የወንድምዎን ልጅ ላብ በሉት!» ብላ ጮኸችበት።

ሁሴን ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ባንክ እንሂድ» አለ። «ከጎደለ በሬዬን ሸጬ እከፍላለሁ። ካልጎደለ ስሜን እዚሁ ገበያ ላይ ትመልሽልኛለሽ።»

በነጋታው ባንክ ሄዱ። የባንኩ ጸሐፊ በላይነህ ደረሰኙን ከጅዳ ከመጣው የክፍያ ማዘዣ ጋር አስተያየ። «እናቴ፣ ልጅዎ አራት መቶ ከፍሏል። የጅዳው ባንክ ለአገልግሎቱ ከዚያው ላይ ስምንት ዶላር ቆርጧል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት ነው። በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ሲመነዘር ስምንት መቶ አሥራ አንድ ብር ከአርባ አራት ሳንቲም። የእኛ ኮሚሽን አራት ብር ሲነሳ...»

«ኧረ አታሹፍብኝ!» አቋረጠችው። «ዶላር አምስት ብር ነው!»

ደሞዙን ሊቀበል የቆመው የአብዮት ጥበቃው ፈንታሁን ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አምስት ብር የጥቁር ገበያ ዋጋ ነው፤ ከባንክ ውጭ ዶላር መመንዘር እንደሚያሳስር ሕፃኑም ያውቃል።

«አምስት ብር ያለሽ ማን ነው?»

አሚና ነጋዴውን ብትናገር አምስት ልጆች አሉት። ዝም ብትል ራሷ እስር ቤት መግባቷ ነው።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ ሁሴን። «ገበያ ላይ አንድ መንገደኛ ሲያወራ ሰምቼ ነው። እሷ ምን ታውቃለች?»

«በል ቅደም» አለው ፈንታሁን።

በላይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም» አላት። ደረሰኙን ከእጁ ተቀብላ ተከትላቸው ወጣች።

«እሳቸው አይደሉም! አልዋሹም፣ አልሰረቁም! ጥፋቱ የእኔ ነው!»

«አርፈሽ ተቀመጭ» አላት ሁሴን ሳይዞር። «ሰዒድ ያለ አንቺ ማን አለው?»

ፈንታሁን ጠመንጃውን ደግኖ ሁሴንን በገበያው መሀል ነዳው። ትናንት ጩኸቷን የሰሙት ሴቶች ከጉልታቸው ቀና አሉ።

«እውነቷን ኖሯል» አለች አንዷ። «በልቶባት ኖሯል!»