ከንፈር የማይነካው ስም

አቶ ወጋየሁ ዝም ካሉ አራት ወር ሆናቸው። ደግሞ የማን ዝምታ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ የከተማ ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ!» ሲሉ ሻንጣው ላይ የተኛ ተሳፋሪ ብድግ ይል ነበር። አንድ ቀን ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን መታና ከንፈራቸው አልገጥም አለ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ የፊደል ዝርዝር ሰጠቻቸው፤ መናገር የሚችሉትን አስምራበታለች። «በየቀኑ ባ፣ ባ፣ ማ፣ ማ እያሉ ይለማመዱ። ካልተናገሩ የቀረውም ይሄዳል» አለቻቸው። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ፍራሽ ስር ከተቱት። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ባ፣ ባ ሊሉ? ኩራት እኮ አንዳንዴ ከበሽታው ይብሳል!

ልጃቸው ዶርቃ ለቡ መብራት ኃይል፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብራቸው ትኖራለች። እናቷ ውብነሽ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ዶርቃ ሥራዋ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው፤ በተረፋት ጊዜ የራሷን ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ የጨው ነፋስ በሚነፍስበት ምድር ስለሚኖር፣ በየትም ስለሌለ ሕዝብ። ረቂቁን ያነበበችው አርታኢ ፊት ለፊት ነገረቻት፦ «ታሪኩ ይዞኛል። ስሞቹ ግን ከሰባት ገበያ የተለቀሙ ናቸው። ዛርኮኒስና ቱምባቆ እንዴት ብለው የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ?»

እውነቷን ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የልብ ወለድ ሰው ግን መልአክ የለውም፤ ደራሲው ራሱ ሕግ ማውጣት አለበት። ዶርቃም ሕጉን ያገኘችው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አንሶላ ስትቀይር ፍራሽ ስር ነው።

ወረቀቱን ዘርግታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ የማይችሏቸው ከንፈር የሚያስገጥሙት ናቸው፦ በ፣ መ፣ ፈ፣ ወ። ታምቀው የሚፈነዱትም፣ እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ አይወጡላቸውም። ከንፈር የሚያሞጠሙጡት ኡ እና ኦም እንደዚያው። ከተሰመረባቸው ውስጥ የማይሰናከሉባቸውን ዘጠኝ መረጠች፦ ለ፣ ረ፣ ሰ፣ ነ፣ ደ፣ ገ፣ ሀ፣ የ፣ ዘ። ከዚያ በኋላ ለሕዝቧ ምክንያት ፈጠረችለት። ነሂር ያለቻቸው እነዚህ ሰዎች በጨው ነፋስ ሲጓዙ ጥርሳቸው መሃል የቆዳ ጠፍር ይነክሳሉ፤ ስለዚህ ከንፈራቸው አይገጥምም፤ ቋንቋቸውም ከንፈር አይነካም።

ሕጉን በደብተር ጻፈች። ስም ሁለት ወይም ሦስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ቁራጭ፣ ይኖረዋል። ቀለሙ ክፍት ነው፣ በአናባቢ ያበቃል፤ ቢዘጋም በን፣ በል ወይም በር ብቻ ይዘጋል። የሴት ስም በኤ ድምፅ ያበቃል፤ የወንድ ስም ይዘጋል። ልጅ ደግሞ ስሙን የሚጀምረው የእናቱ ስም ባበቃበት ቀለም ነው። ንግሥት ሲራሌ ሌናጌንና ሌራንን ትወልዳለች፤ ሌናጌ ጌሲልንና ጌዛኔን። ወንድምና እህት በአንድ ድምፅ ስለሚጀምሩ አንባቢ እንዳያምታታቸው አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም አደረገች። ከቆላ የሚመጣውን ጠላት ግን ባጡክ አለችው፤ አፍ የሚሞላ ስም ነው፤ ገና ሲጠራ እንግዳነቱ ይታወቃል።

ደብተሩን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ስም በጆሮ ነው የሚፈተነው። ካንተ የተሻለ ስም ጠሪ ከየት አመጣለሁ? አንተ ጥራቸው፣ እኔ ልስማ።»

አቶ ወጋየሁ ጣሪያውን አዩ። ደብተሩን አዩ። «ሌ...ናጌ» አሉ።

አቤት! ዶርቃ እርሳሷን አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራቸው ይኸው ሆነ። ሕጉ የሚፈቅደውን ቀለም እያጋጠመች ስም ትደረድራለች፤ እሳቸው ይጠራሉ፤ ምላስ ላይ የከበደው ይሰረዛል። አንድ ጠዋት የንጉሡን እናት ስም ሊጠሩ ጀምረው ቆሙ። «ዳሌ?» አሉ። ዶርቃ ደነገጠች፤ ሕጉን ብቻ እያየች የንጉሡን እናት ዳሌ ብላት ኖሯል! አባትና ልጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሃሬ የሚለውን ደግሞ ምድር ቤት ሱቅ ያላት ቢሊሱማ አስጣለቻት፤ «በኦሮምኛ እኮ አህያ ነው፣ ልዕልትሽን አህያ ልትያት ነው?» አለቻት። ለካ የተፈጠረ ስም ሁሉ በአገሩ ቋንቋዎች መበጠር አለበት።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ዶርቃ ከገበያ ስትመለስ አባቷ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። ዶርቃ መሃሉ የሸጎጠችው የባለሙያዋ ወረቀት ወጥቷል። በግራ እጃቸው፣ በተንጋደደ ፊደል ጽፈዋል፦ «በ የለም። መ የለም። በእኔ አፍ አገር ሠራሽበት? መሳቂያ ልታደርጊኝ?»

«አባዬ...» አለች ዶርቃ፤ ፌስታሉን መሬት ጣለችው። «ድምፅህን ልሰማ ብዬ ነው! እናቴን ቀብሬአለሁ፤ አንተን ደግሞ ቁጭ ብለህ ልቅበርህ? ሰዎቹን አንብባቸው እስቲ። ምን ጎደላቸው? ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ልጃቸውን በስም ይጠራሉ። ያንተ ድምፅ ለአንድ ሕዝብ በቅቷል።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ስድስት ቀን ሙሉ እህም አላሉም። ዶርቃ ምነው እጄን በሰበረው እያለች ደብተሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው፤ ምግባቸውን እያቀረበች በስርቆሽ ታለቅስ ነበር።

በሰባተኛው ጠዋት ከጓዳ ስትወጣ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አባቷ በዚያ በሚጎተት እግራቸው ወንበር ስበው አውርደውታል። የትውልዱ ሐረግ አናት ላይ፣ ሲራሌ ከሚለው በላይ፣ ጥያቄ ጽፈዋል፦ «ልጅ ከእናቱ መጨረሻ ይጀምራል ብለሻል። ሲራሌ ሲ-ን ከማን ወሰደች?»

ዶርቃ አፏን ያዘች። ሕጉ ጅማሬ አልነበረውም። በሦስት መቶ ገጽ ላይ ስሞቹን ስትቀይር አንድም ጊዜ አልታያትም።

አቶ ወጋየሁ እርሳሱን አንስተው ቀጠሉ፦ «የመጀመሪያዋ እናት ነፋሱ ሳይመጣ የኖረች ናት። ያኔ ከንፈር ይገጥም ነበር። ስለዚህ ስሟን ልጆቿ መጥራት አይችሉም። የማይችሉትን ሁለት ጣት ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያልፉታል። የሚችሉትን ይሉታል።»

«ስሟ ማን ነው አባዬ?» አለች፤ እሷስ መች ጠፋት።

እርሳሱን አስቀመጡ። ግራ እጃቸው ወጣና ሁለት ጣታቸው የተጣመመው ከንፈራቸው ላይ አረፈ። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው፣ «...ነሽ» አሉ።

ዶርቃ ያኔ ገባት። አራት ወር ሙሉ ዝም ያሰኛቸው ባ፣ ባ ማለቱ ብቻ አልነበረም። አርባ ዓመት የጠሩትን ስም ጀምረው፣ አፋቸው እምቢ ሲላቸው ነው ሌላውንም ሁሉ የተዉት። ውብነሽ ገና ሲጀመር ከንፈር ይፈልጋል፤ ወ እና በ።

ተላቀሱ። ሲበቃቸው ዶርቃ ፊቷን ታጥባ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። በነሂር ሕግ ቀለም በሽ አይዘጋም፤ ሽ ወደቀችና ነ ቀረች። ሲራሌ ነራሌ ሆነች። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እያንዳንዷን ሲራሌ እየፈለገች ለወጠች፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው አንድ እንዳታመልጣት ይከታተሉ ነበር።

ሲያልቅ ሐረጉን እንዲጠሩላት ለመነቻቸው። አቶ ወጋየሁ እንደ መናኸሪያው ዘመን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አነሱ።

«...ነሽ። ነራሌ። ሌናጌ። ጌሲል።»

ምድር ቤት ቢሊሱማ የሱቋን በር ስትከፍት ድምፁን ሰማችና ቀና ብላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አየች።