ዛኪር አስፋልት

አጎቴ ሸረፈዲን ከሐረር ሽማግሌዎች ይዞ ዚነትን ሊጠይቅልኝ ሲመጣ፣ "ሰው አትጠይቁ፣ የስልኩን ካርታ ተከተሉ" ያልኩት እኔው ነኝ። አባቷ ሐጂ ፋራህ የቀጠሩን ዘጠኝ ሰዓት ነው። አስር ሰዓት ላይ ጅግጅጋ ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ጠያቂ እየጠበቃቸው ነው። ዚነት ሽማግሌ ይመጣል ከማለት በቀር ስሜን እንኳ አልነገረቻቸውም።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ አጎቴ ደወለ።

"አሸዋ ውስጥ ነን!"

"የት ያለ አሸዋ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ስልኩ 'ዛኪር አስፋልት' ነው የሚለው።"

ክው አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር በድልድዩ መዞር ስለሚሰለቸኝ በበጋ ደረቁን ወንዝ አቋርጣለሁ። ከአራት ወር በፊት ማንም ሰው መንገድ መጨመር በሚችልበት ካርታ ላይ ያቺን አቋራጭ ሳልኳትና ለጨዋታ ስሜን ሰጠኋት። ስሙስ ባልከፋ። የመንገዱን ዓይነት ሲጠይቀኝ "ዋና መንገድ"፣ ንጣፉን ሲጠይቀኝ "አስፋልት" ብዬ ሞላሁ። ከሳተላይት የሚገኘው የት እንዳለህ ብቻ ነው። መንገዱን የሚያውቀው ካርታው ነው፤ ካርታው ደግሞ የሚያውቀው እንደኔ ያለ ቀበጥ የነገረውን ነው። ስልኩ ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍሎ ቶሎ የሚያደርሰውን ይመርጣል። አስፋልት ካልከው በአስፋልት ፍጥነት ያሰላል። ባጃጅ ይለፍበት ሚኒባስ፣ ለእሱ ያው መኪና ነው።

በርሬ ደረስኩ። ሚኒባሱ ግማሽ ጎማው ተቀብሯል። ሾፌሩ ነጋ ስልኩን ይሰድባል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ቆመዋል። መሀላቸው አካፋ የያዙ ሐጂ ፋራህ! ቤታቸው ወንዙ ዳር መሆኑን አውቃለሁ፤ አካፋ እንዳላቸው ግን አላውቅም ነበር።

"አቦ፣ ይሄ አስራ አንደኛው መኪና ነው!" ይላሉ። "ያንን ዛኪር የሚሉትን ሰውዬ ባገኘው፣ ወላሂ፣ እዚሁ ነው የምቀብረው። ለመሆኑ የዘጠኝ ሰዓቶቹ እንግዶች እናንተ ናችሁ?"

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "አዎ ሐጂ። ለልጃችን ልጅዎን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።"

"የልጃችሁ ስም ማነው?"

አጎቴ ስልኩን አየ። እኔን አየ።

"ዛኪር" አልኩ። "የአስፋልቱ።"

ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝና አካፋውን እግሬ ስር ጣሉት። ቆፈርኩ። ጎማዎቹን በትንሹ አስተነፈስን፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ገፉ፤ ሚኒባሱ ወጣ።

"አሁን ካርታውን እዚሁ ፊቴ አስተካክል" አሉኝ። አስር ሰዓት ሊሞላ ነው።

ዋና መንገድ የሚለውን "ኮረኮንች ዱካ"፣ ንጣፉን "አሸዋ" አደረግኩት። "ሁሉም ስልክ ላይ እስኪታደስ ግን ቀናት ይፈጃል፣ ሐጂ" አልኳቸው።

"እስከዚያ አካፋው ያንተ ነው።"

"ስሙንስ ላጥፋው?"

ሐጂ ፋራህ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው በእጃቸው ወደ ቤታቸው ጋበዟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

"አስፋልት የሚለውን ብቻ አጥፋ። 'ዛኪር አሸዋ' በለው። ልጄን ለማን እንደሰጠሁ ሰው ይወቅልኝ።"