በፎቶው ውስጥ የተደበቀው አድራሻ

እህቴ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ናት። ክሊኒክ የምታያቸው አልበቃ ብለዋት የተጣሉ የድመት ልጆች ቤት ድረስ ታመጣለች፤ ከዚያ ቴሌግራም ገጿ ላይ ፎቷቸውን ለጥፋ አሳዳጊ ትፈልግላቸዋለች። ስሟንም አድራሻችንንም ግን ገጹ ላይ አትጽፍም። ሰው ካወቀ እየጣለብን ይሄዳላ።

አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ካርቶን እናገኝ ጀመር። በካርቶን ዳቦ አምጥቶ የሚጥል የለም መቼም። አከራያችን እትዬ አንድ ቀን መጥተው፣ ከእንግዲህ አንዲት ድመት ብትጨመር እቃችሁን አውጡ አሉን። እሳቸው ደግሞ ሲቀልዱ ታይተው አያውቁም። በዚህ ኪራይ ሌላ ቤት ከየት ይገኛል? እኔ በጣም ፈራሁ።

አድራሻውን ያወጣው የሰፈራችን ባለሱቅ ነው ብዬ ምስኪኑን አኮረፍኩት። ኋላ ግን ከገጿ አንድ ፎቶ አውርጄ ዝርዝሩን ብከፍት ካርታ ወጣ፤ ካርታው ላይ ያለው ነጥብ የኛው ግቢ ነው። ለካ ካሜራው ፎቶው የተነሳበትን ቦታ እዚያው ፎቶው ውስጥ ይመዘግባል። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ያንን ያራግፈዋል፤ እህቴ ግን ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላ በፋይል ነበር የምትልከው፣ በፋይል ሲሄድ ደግሞ እንዳለ ይደርሳል። በገዛ እጃችን ነው አድራሻችንን ስናድል የከረምነው።

የድሮዎቹን አጠፋን፤ የካሜራውን የቦታ ፈቃድ ዘጋን፤ አሳዳጊ ያላገኙትን ድመቶች ፎቶ ግን ቦታውን እየሰረዝን እንደገና ለጠፍን። ሰው ያወረደውን ምን ይደረጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ካርቶኑ ግን ቀነሰ።

ከዚያ "አበባ ወዳድ" የሚባል ሰው ጻፈልን። መንገድ ላይ አራት የድመት ልጆች አግኝቻለሁ፣ እባካችሁ ውሰዱልኝ ይላል። እህቴ ዓይናቸው ጥርት ብሎ እንዲታያት "ፎቶ በፋይል ላኩ" የሚል ማሳሰቢያ ነበራት፤ ሰውየውም ታዞ በፋይል ልኳል። ከመለጠፌ በፊት ቦታውን ልሰርዝ ስከፍተው ነጥቡ የእትዬ ቤት ላይ አረፈ። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ፎቶውን ሳጎላው፣ ኪራይ ስንከፍል የምንቆምበት የበረንዳቸው ንጣፍ ነው።

ደስታዬን አልደብቅም። ስልኩን ይዤ እትዬ በር ላይ ልቆም ተነሳሁ። እህቴ ስልኩን ተቀበለችኝና ቦታውን ሰረዘች፤ ንጣፉንም ከፎቶው ቆርጣ አወጣችው። ከዚያ እትዬ ዘንድ ሄድን።

"እትዬ፣ አንድ የተቸገረ ሰው አራት የድመት ልጆች ይዞ ጽፎልናል" አለቻቸው። "ፎቶው ውስጥ አድራሻው ነበረበት፤ ሰርዤዋለሁ፣ ማንም አያየውም። አሳዳጊ እስኪገኝ እኛ ጋ ይቆዩ?"

እትዬ መጀመሪያ እህቴን፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ ጫማቸውን አዩ።

"ይቆዩ" አሉ በመጨረሻ። "እናትየዋን ግን አልሰጥም። ከኔ ጋር ነው የምትተኛው።"